የተጎዳ ዓምድን ማልበስ፦ ኮንክሪት፣ ብረት ወይስ ፋይበር?

ውጫሌ በአምባሰል፣ ደሴን ከወልዲያ በሚያገናኘው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟ በይበልጥ የሚታወሰው በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ነው። ለመዋቅር መሐንዲስ ግን ከውሉ ይልቅ መልክዓ ምድሯ ይናገራል። ከተማዋ የምዕራቡ ደጋ ወደ አፋር ዝቅታ በሚወርድበት ገደላማ ቀበቶ አጠገብ ትገኛለች። በዚሁ ቀበቶ ላይ፣ ከደሴ በስተ ደቡብ በካራቆሬ አካባቢ በ1953 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን መንደር አፍርሷል፤ በካራቆሬም ከባድ ጉዳት አድርሷል። ከዚያ ወዲህ በመንገዱ ዳር ባሉ ከተሞች የድንጋይና የጭቃ ቤቶችን ተክተው ባለ አርማታ ዓምድ ፎቆች ተነሥተዋል። በ2014 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ የተካሄደው ጦርነት ደግሞ በከባድ መሣሪያና በፍንጣሪ የተጎዱ ሕንፃዎችን ትቶ አልፏል። ስለዚህ በአካባቢው ዓምድን የማጠናከር ጥያቄ ከሁለት አቅጣጫ ይመጣል። አንዱ ሲጀመርም ደካማ ሆኖ ከተሠራ ዓምድ፣ ሌላው ጤነኛ ሆኖ ተሠርቶ በኋላ ከተመታ ዓምድ ነው።

ሁለቱ ጉዳዮች ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። በሁለቱም ኮንክሪቱ ተላጦ ብረቱ ይታያል፤ የሕንፃው ባለቤትም በሁለቱም ጊዜ የሚጠይቀው ዓምዱ «እንዲለበስለት» ነው። ይህ ጽሑፍ በኮንክሪት፣ በብረትና በፋይበር የሚደረጉትን ሦስት የማልበስ ስልቶች በአንድ ምሳሌ ላይ ያነጻጽራል። ምርጫው በዋነኝነት በዋጋ መወሰን እንደሌለበትም ያሳያል። ከዋጋ በፊት ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው፤ እነርሱም ዓምዱ የጎደለው ምን እንደሆነና ልባሱ የዓምዱን ግትርነት ምን ያህል እንደሚለውጥ ነው።

የምሳሌው ዓምድ

ለማነጻጸሪያ እንዲሆን አንድ ግምታዊ ባለ ሦስት ፎቅ (ጂ+3) የንግድ ሕንፃ ይወሰድ። በምድር ቤቱ በአራት ረድፍ የቆሙ 16 ዓምዶች አሉት። እያንዳንዱ ዓምድ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው አራት ቋሚ ብረቶችና በየ20 ሳንቲ ሜትሩ የታሰረ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ስታፋ አለው። የውስጥ ዓምድ ከአራቱም ደረጃዎች ወደ 20 ካሬ ሜትር የሚሆን ወለል ይሸከማል። የአንዱ ካሬ ሜትር የዲዛይን ጭነት 12 ኪሎ ኒውተን ቢሆን፣ በዓምዱ ላይ የሚያርፈው 960 ኪሎ ኒውተን ይሆናል።

ከዓምዱ ተቦርቡሮ የወጣው የኮንክሪት ናሙና 12 ሜጋ ፓስካል ጥንካሬ ብቻ አሳየ እንበል። በእጅ በተለካ አሸዋና ጠጠር፣ ከልክ በላይ በሆነ ውኃ በተቦካ ኮንክሪት ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። የኮንክሪቱ ጥንካሬ በ1.5፣ የ300 ሜጋ ፓስካሉ ብረት ደግሞ በ1.15 ሲካፈል የዓምዱ የመሸከም አቅም ወደ 816 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። ስለዚህ ዓምዱ የታጠፈ ጭነትና የመሬት መንቀጥቀጥ ሳይታሰብበት እንኳ ወደ 145 ኪሎ ኒውተን ይጎድለዋል። ሕንፃው እስከ አሁን ቆሞ መኖሩ የደኅንነት ኅዳጉ መበላቱን እንጂ አቅሙ መብቃቱን አያሳይም። ከዚህ በላይ የሚያሳስበው ስታፋው ነው። በየ20 ሳንቲ ሜትሩ የታሰረ ቀጭን ስታፋ ኮንክሪቱን አቅፎ አይዝም፤ ሕንፃው ወደ ጎን ሲወዛወዝ ቋሚ ብረቱ በሁለት ስታፋዎች መካከል ይጎብጣል፣ ዓምዱም ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰበራል።

ፋይበር በአራት ማዕዘን ዓምድ ላይ

በካርቦን ፋይበር መጠቅለል ከሦስቱ ስልቶች ቀላሉና ፈጣኑ ይመስላል። ዓምዱ ይጸዳል፣ ማዕዘኖቹ ይድቦለቦላሉ፣ ጨርቁ በኢፖክሲ እየተነከረ ይጠቀለላል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ሥራው ያልቃል። የዓምዱ ውፍረት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚጨምር የሱቁ ስፋት አይነካም። ይሁን እንጂ ፋይበሩ በቀጥታ የሚሸከመው ጭነት የለም። የሚሠራው ኮንክሪቱ በጭነት ወደ ጎን ሊያብጥ ሲል ጨምቆ በመያዝ ነው።

ክብ ዓምድ ሲያብጥ ፋይበሩ ዙሪያውን በሙሉ እኩል ይወጠራል። አራት ማዕዘን ዓምድ ሲያብጥ ግን ጠፍጣፋው ገጽ ጨርቁን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ቀጭን ጨርቅ ደግሞ መታጠፍን አይቋቋምም። ግፊቱ የሚመጣው ከማዕዘኖቹ ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ ገጽ መካከል ያለው ኮንክሪት ሳይታቀፍ ይቀራል። በአሜሪካ የኮንክሪት ኢንስቲትዩት መመሪያ (ኤሲአይ 440.2አር) ቀመር ሲሰላ፣ ማዕዘኑ በ25 ሚሊ ሜትር ራዲየስ የተድቦለቦለው የምሳሌው ዓምድ በውጤታማነት የሚታቀፈው 53 በመቶ የሚሆነው ስፋቱ ብቻ ነው። ሠራተኛው ማዕዘኑን በ10 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያድቦለብለው ይህ ወደ 41 በመቶ ይወርዳል። በዚህ ዓምድ ላይ ማዕዘን የሚያድቦለብለው የመፍጫ ማሽን ከጨርቁ ጥራት የማይተናነስ ሚና አለው ማለት ነው።

የጥንካሬው ጭማሪም ከዚህ ይከተላል። 0.167 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የካርቦን ጨርቅ ሁለት ጊዜ ቢጠቀለል፣ የሚፈቀደውም ዝርጋት በ0.4 በመቶ ቢገደብ፣ የኮንክሪቱ ጥንካሬ ከ12 ወደ 14.4 ሜጋ ፓስካል ይደርሳል። አቅሙም ወደ 938 ኪሎ ኒውተን ከፍ ይላል፤ ይህ ከሚፈለገው 960 ያንሳል። በሦስት ዙር ወደ 1,000 ይጠጋል። በወረቀት ላይ በቂ ይመስላል፤ ነገር ግን የዓምዱ የመታጠፍ አቅም ብዙም አልጨመረም፣ የቀረውም ኅዳግ ጠባብ ነው። ስለ እሳትም ማሰብ ይገባል። የተለመዱት ኢፖክሲዎች የሙቀት መጠናቸው ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራሉ። ስለዚህ ያልተጠቀለለው ዓምድ ብቻውን የዘወትሩን ጭነት መሸከም የሚችል መሆኑ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት።

የቅርጹ ችግር በሌላ አገርም ታይቷል። በካሊፎርኒያ ከ1989 (እ.ኤ.አ.) የሎማ ፕሪዬታ መንቀጥቀጥ በኋላ የድልድይ ዓምዶች በብረት ልባስ ሲጠናከሩ፣ ክብ ዓምዶች ክብ ልባስ ለበሱ። አራት ማዕዘን ዓምዶች ግን ብዙ ጊዜ ሞላላ ልባስ ተደርጎላቸው በዓምዱና በልባሱ መካከል ያለው ክፍተት በኮንክሪት ተሞላ። ብረት እንኳ ጠፍጣፋ ሆኖ ገጽን በደንብ እንደማያቅፍ መሐንዲሶቹ ስላወቁ ቅርጹን መለወጥ መረጡ።

የብረት ቀፎ

በሕንፃ ዓምድ ላይ የተለመደው የብረት ልባስ ሙሉ ላመራ ሳይሆን ቀፎ ነው። በአራቱ ማዕዘኖች አንግል ብረት ይቆማል፤ አንግሎቹም በየተወሰነ ርቀት በአግዳሚ ጠፍጣፋ ብረት በብየዳ ይያያዛሉ። በብረቱና በኮንክሪቱ መካከል ያለው ክፍተት በማይሸበሸብ ግራውት ይሞላል። አግዳሚዎቹ ከመበየዳቸው በፊት ቢሞቁ ሲቀዘቅዙ ይኮማተራሉ፤ ቀፎውም ዓምዱን ከመጀመሪያው ጨምቆ ይይዛል።

60 በ60 በ6 ሚሊ ሜትር የሆኑ አራት አንግሎች በድምሩ ወደ 2,760 ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው። ተራ ባለ 235 ሜጋ ፓስካል ብረት ቢሆኑ በቀጥታ ወደ 560 ኪሎ ኒውተን ይሸከማሉ። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። አንግሉ ይህን የሚሸከመው ጭነቱ ከላይ በቀጥታ ሲያርፍበትና ከታችም በቀጥታ ሲያስረክብ ነው። ለዚህም ከቢሙ ሥር በግራውት ላይ የተቀመጠ የራስጌ ብረት፣ ከመሠረቱ ላይ ደግሞ የግርጌ ብረት ያስፈልጋል። አንግሎቹ ከቢሙ ሥር ሁለት ጣት ዝቅ ብለው ከቆሙ ግን የሚደርሳቸው በሰበቃ የሚተላለፈው ጥቂት ጭነት ብቻ ነው፤ ቀፎው ማቀፊያ እንጂ ተሸካሚ አይሆንም። በግንባታ ቦታ ላይ ቀፎን የሚመረምር ሰው በመጀመሪያ ሊያየው የሚገባው የአንግሉን ራስ ነው።

ቀፎው በእውነት የሚያይልበት ሌላ ቦታ አለ። ሸርተቴን ለመቋቋምና የብረት ቅጥል ያለበትን የዓምድ ግርጌ አጥብቆ ለመያዝ የተመቸ ነው። የአውሮፓው ኮድ (ዩሮኮድ 8 ክፍል 3) ለሸርተቴ ሲሰላ የልባሱ ብረት ከጥንካሬው ግማሹ ብቻ እንዲታሰብ ያዛል፤ ይህም የአሮጌው ኮንክሪት ስንጥቅ ከመጠን በላይ እንዳይከፈት ነው። ቀፎው ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ሊቆም ይችላል፤ በአካባቢው ያለ ጥሩ በያጅም ይሠራዋል። ሆኖም ቀለምና የእሳት መከላከያ ልስን ይፈልጋል፤ እርጥበት ባለበት ወጥ ቤትና መታጠቢያ አጠገብም ከሥሩ ዝገት ይጀምረዋል።

የኮንክሪት ልባስ

በሜክሲኮ ሲቲ ከ1985 (እ.ኤ.አ.) የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የተጎዱ ሕንፃዎችን ለመጠገን የኮንክሪት ልባስ በብዛት ተሠርቶበታል። ለምሳሌው ዓምድም ቀዳሚው አማራጭ ይኸው ነው፤ ምክንያቱም የጎደለው ነገር ኮንክሪት ራሱ ነው። በዙሪያው 10 ሳንቲ ሜትር ሲጨመር ዓምዱ 50 በ50 ይሆናል። አዲሱ ኮንክሪት 20 ሜጋ ፓስካል የሲሊንደር ጥንካሬ ቢኖረውና ስምንት ባለ 16 ሚሊ ሜትር ቋሚ ብረቶች ቢጨመሩ፣ ልባሱ ብቻውን ከ2,200 ኪሎ ኒውተን በላይ ሊሸከም ይችላል። ከዚህም ጋር አሮጌውን ዓምድ በአራቱም ገጽ አቅፎ ይይዛል፤ ስታፋው በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ሊታሰር ይችላል፤ የዓምዱ የመታጠፍ አቅምም ያድጋል።

ቁጥሩ እውን የሚሆነው ሦስት ነገሮች ከተሟሉ ነው። የመጀመሪያው የአሮጌው ገጽ ዝግጅት ነው። ልስኑና የላላው ኮንክሪት በስካርፔሎ ተነሥቶ፣ ገጹ ጠጠሩ እስኪታይ ተወቅሮ፣ አቧራው ታጥቦ፣ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ገጹ እርጥብ ሆኖ ነገር ግን ውኃ ሳይቋጥር መቆየት አለበት። ደረቅ አሮጌ ኮንክሪት ከአዲሱ ውኃ ይመጥጣል፤ በመገናኛውም ላይ ደካማ ንብርብር ይተዋል። ዩሮኮድ 8 የለበሰውን ዓምድ እንደ አንድ ወጥ ዓምድ አስልቶ የሸርተቴ አቅሙን በ0.9 ማባዛትን ይፈቅዳል፤ ይህ ቅናሽ ትንሽ የሆነው ገጹ በአግባቡ እንደተዘጋጀ ስለሚታሰብ ነው።

ሁለተኛው የብረቱ መንገድ ነው። ቋሚ ብረቶቹ ከታች ወደ መሠረቱ ተቦርቡረው በኢፖክሲ መተከል፣ ከላይ ደግሞ ሶሌታውን በስተው ወደ ቀጣዩ ፎቅ ማለፍ አለባቸው። ልባሱ ከሶሌታው ሥር ከቆመ ሸርተቴንና ቀጥተኛ ጭነትን ያግዛል፤ በዓምዱ ጫፎች ላይ ለሚመጣው መታጠፍ ግን አይጠቅምም፤ መንቀጥቀጥ ዓምድን የሚሰብረው ደግሞ እዚያው ጫፎቹ ላይ ነው። እዚህ ላይ ንድፍ አውጪው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ቢሞቹን ነው። ከአራቱም አቅጣጫ ቢም በሚገባበት ዓምድ በገጹ መካከል የተቀመጠ ብረት ወደ ላይ ሊያልፍ አይችልም። ስለዚህ ስምንቱ ብረቶች ሁለት ሁለት ሆነው በማዕዘኖቹ አጠገብ፣ ከቢሞቹ ጎን በሚያልፉበት ቦታ ይሰበሰባሉ።

ሦስተኛው ጭነቱን ማራገፍ ነው። ልባሱ በተሞላ ቀን አሮጌው ዓምድ የሕንፃውን ቋሚ ክብደት ተሸክሞ ቆሟል፤ አዲሱ ኮንክሪት በላዩ ምንም ጭነት ሳይኖር በጎኑ ይደርቃል። ቢሞቹ በፑንቴሎ ካልተደገፉና ዓምዱ በከፊል ካልተራገፈ፣ ልባሱ የሚሸከመው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጭነት ብቻ ነው፤ ቀድሞ የነበረው ቀስ እያለ ነው የሚተላለፈው። ፑንቴሎው በአንድ ፎቅ ብቻ ከቆመ ደግሞ ጭነቱ ለዚያው ሶሌታ ይተርፋል፤ ስለዚህ እስከ መሬት በተከታታይ መውረድ አለበት።

አሞላሉም ይፈትናል። በ10 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ውስጥ ስታፋና ብረት ተቀምጠው ተራ ጠጠር አይወርድም፤ ከ10 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ጠጠርና ቀጭን ኮንክሪት ያስፈልጋል። ኮንክሪቱ በሶሌታው በተከፈተ ቀዳዳ ከላይ ይሞላል፤ ካሳፎርማውም ከውጭ በመዶሻ እየተመታ ይረጋጋል። ከቢሙ ሥር የሚቀረው ክፍተት በደረቅ የሲሚንቶ ድብልቅ ተጠቅጥቆ መሞላት አለበት። ካሳፎርማው ሲነሣ ከቢሙ ሥር ቀጭን ላመራ የሚያስገባ ስንጥቅ ከታየ፣ ልባሱ ከላይ ምንም ጭነት እየተቀበለ አይደለም ማለት ነው። በገጹ ላይ በመዶሻ ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ካለ ኮንክሪቱ እዚያ አልደረሰም ወይም ከአሮጌው ተላቋል።

አንዱን ዓምድ ብቻ ማልበስ የሚያመጣው አደጋ

እስከዚህ ድረስ የኮንክሪት ልባስ በሁሉም ረገድ የሚበልጥ ሊመስል ይችላል። ግን አንድ ዓምድ ከ30 ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ሲያድግ ለመታጠፍ ያለው ግትርነት በጎኑ አራተኛ ርቢ ልክ ያድጋል፤ ይህም ወደ 7.7 እጥፍ ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ የፎቁ የጎን ኃይል ለዓምዶቹ የሚከፋፈለው በግትርነታቸው መጠን ነው። ከመልበሱ በፊት እያንዳንዱ ዓምድ ከ16 አንዱን፣ ማለትም 6 በመቶ ገደማ፣ ይሸከም ነበር። አንዱ ብቻ ከለበሰ ግን እርሱ ብቻውን ከጠቅላላው የፎቁ የጎን ኃይል አንድ ሦስተኛውን ይስባል። ዓምዱ ጥግ ላይ ከሆነ ደግሞ ሕንፃው በዚያ ጥግ ዙሪያ እንዲጠመዘዝ ያደርገዋል፤ በተቃራኒው ጥግ ያሉት ያልለበሱ ዓምዶችም ከሁሉ በላይ ይወዛወዛሉ። የጎን ኃይሉን የሚቀበለው መሠረትም ለዚህ አልተሠራም።

የምድር ቤቱ ዓምዶች ሁሉ ለብሰው ከላይ ያሉት ቢተዉም ችግሩ ወደ ላይ ይሸጋገራል። ምድር ቤቱ ግትር፣ አንደኛው ፎቅ ልል ይሆናል፤ ጉዳቱም እዚያ ይከማቻል። ስለዚህ የኮንክሪት ልባስ በባሕርዩ የሕንፃ ሥራ እንጂ የአንድ ዓምድ ሥራ አይደለም። በምሳሌው ሕንፃ ሁሉም ዓምዶች በአንድ እጅ፣ በአንድ ዓይነት ደካማ ኮንክሪት የተሠሩ ከሆነ 16ቱም መልበስ፣ ልባሱም ወደ ላይ ቀስ በቀስ እየቀጠነ መቀጠል አለበት። ባለቤቱ ለሁሉም የሚበቃ ገንዘብ ከሌለው፣ በየዓመቱ አራት አራት ዓምድ እየመረጡ ማልበስ ከሚመስለው በላይ አደገኛ ነው፤ በመካከል ያሉት ዓመታት ሕንፃውን ከመጀመሪያው ባላነሰ ስጋት ውስጥ ይከቱታል። አማራጭ ከጠፋ ቢያንስ ተራው ከመሐል ተነሥቶ በሁለቱም አቅጣጫ ተመጣጣኝ ሆኖ መሄድ አለበት።

በፍንጣሪ የተመታው ዓምድ ጉዳይ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በናሙና 20 ሜጋ ፓስካል ያሳየ ጤነኛ ሕንፃ ውስጥ አንድ ዓምድ ብቻ ተመትቶ ግማሽ ገጹን ቢያጣ፣ የጎደለው አቅም የአንድ ቦታ እንጂ የሕንፃው አይደለም። እዚህ የኮንክሪት ልባስ ሚዛኑን ያናጋል። ፋይበርና የብረት ቀፎ ግን የዓምዱን ግትርነት ብዙም አይለውጡም። አሠራሩም ቅደም ተከተል አለው። ዙሪያው ያሉት ቢሞች በፑንቴሎ ይደገፋሉ፤ የላላው ኮንክሪት እስከ ጤነኛው ድረስ ይነሣል፤ የተቆረጠ ወይም የተጣመመ ብረት በበቂ ርዝመት በአዲስ ይቀጠላል፤ ቅርጹ በማይሸበሸብ የጥገና ግራውት ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው የሚጠቀለለው። ኮንክሪቱ ጠንካራ ስለሆነ ፋይበሩ የሚጠየቀው አዲሱንና አሮጌውን አንድ አድርጎ መያዝና ዓምዱ ሳይሰበር እንዲወዛወዝ ማድረግ ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ አራት ማዕዘን ላይም በበቂ ሁኔታ ይሠራል። ጨርቁና በሙያው የሠለጠነ ሠራተኛ ባልተገኘበት ከተማ ቀፎው ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል።

ፋይበርን ፈጽሞ የሚከለክል አንድ ሁኔታ አለ፤ እርሱም በመሥራት ላይ ያለ ዝገት ነው። በቋሚ ብረቱ መስመር ወደ ታች የሚወርድ ስንጥቅና የዝገት ቀለም ያለው ዓምድ ሳይጸዳ ቢጠቀለል፣ ዝገቱ ከጨርቁ ሥር ይቀጥላል፤ ከዚያ በኋላ ግን አይታይም። ዓምዱ መጀመሪያ ተፈልፍሎ ብረቱ ሊጸዳ፣ የጠፋው ስፋትም ሊለካ ይገባል። ከብረቱ ብዙ ከጠፋ ጥያቄው እንደገና ወደ ኮንክሪት ልባስ ይመለሳል፤ አዲስ ቋሚ ብረት በተፈጥሮው የሚያስገባው እርሱ ነውና።

የኮንክሪት ልባስ ከተመረጠ የመጨረሻው ስሌት ከመሬት በታች ነው። በ3 ሜትር ቁመት አንድ ልባስ 12 ኪሎ ኒውተን ይመዝናል፤ በአራቱም ደረጃዎች ተመሳሳይ ውፍረት ቢኖረው ለአንድ ፉቲንግ እስከ 48 ኪሎ ኒውተን ይጨምራል። ይህ ከ960ው 5 በመቶ ነውና ብዙ ጊዜ አፈሩ ይችለዋል። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ከግትርነቱ ጋር የሚመጣው የመታጠፍ ኃይል ነው፤ አሮጌው ፉቲንግ ለ30 ሳንቲ ሜትር ዓምድ የተሠራ በመሆኑ ይህን ለመቀበል ውፍረቱም ብረቱም ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ የልባሱ ብረት ሊተከልበት ሲቆፈር የፉቲንጉ ልክ፣ ውፍረትና ብረት በዓይን ታይቶ መለካት አለበት። ንድፉ ከእጅ ላይ ባይኖርም እንኳ ይህ ጉድጓድ የተገነባውን ያሳያል፤ የልባሱም ዲዛይን መጠናቀቅ ያለበት ጉድጓዱ ከተከፈተ በኋላ ነው።